ከፎቶው የወጣው ማረጋገጫ፦ √3 ኢራሽናል ነው

የላክሽልኝን የጓደኛሽን ደብተር ፎቶ ትናንት ማታ አየሁት። መብራት ስለጠፋ ስልኩን እያጎላሁ ነው ያነበብኩት። ይሄንን ደግሞ የጻፍኩልሽ ዛሬ ጠዋት ነው፣ ከኮዬ ፈጬ ወደ ከተማ የሚወስደው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ። የሰልፉን ርዝመት ታውቂዋለሽ፣ ጊዜ ነበረኝ።

መጀመሪያ ፎቶው ላይ ያለውን እንዳለ፦

```
√3 = a/b ,
3b² = a²
3 | a² ⇒ 3 | a
a = 3c
3b² = 9c
b² = 3c²
3 | b   ✗
```

የመጀመሪያው መስመር ከነጠላ ሰረዙ በኋላ አይታይም፤ የጓደኛሽ አውራ ጣት ተኝቶበታል። ሦስተኛው መስመር ላይ ያለችው ቀጥ ያለች ጭረት ደግሞ አንድ ቁጥር አይደለችም። «31a²» ብለሽ እንዳታነቢው። «3 ያለ ቀሪ ያካፍለዋል» ማለት ነው።

አሁን ደረጃ በደረጃ።

1. √3 ራሽናል ነው እንበል።
ምክንያት፦ ግምት ነው። ልናፈርሰው የፈለግነውን ነገር ለጊዜው እውነት ነው ብለን ጀመርን። ደብተሩ ላይ አልተጻፈም፣ መጻፍ ግን ነበረበት።

2. √3 = a/b፤ a እና b ከዜሮ የሚበልጡ ሙሉ ቁጥሮች ናቸው፣ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም።
ምክንያት፦ የራሽናል ቁጥር ትርጉም፤ ደግሞም ማንኛውም ክፍልፋይ እስከ መጨረሻው ሊቃለል ይችላል። «የጋራ አካፋይ የላቸውም» የሚለው ከአውራ ጣቱ ስር ያለው ይመስለኛል። እሱ ከሌለ መጨረሻ ላይ ያለው ✗ የሚጋጭበት ነገር አያገኝም።

3. 3b² = a²
ምክንያት፦ ሁለቱንም ጎን ካሬ አደረግን፣ ከዚያ በb² አባዛን።

4. 3 | a²
ምክንያት፦ ከ3ኛው ደረጃ። a² ሦስት ጊዜ b² ነው፣ b² ደግሞ ሙሉ ቁጥር ነው።

5. 3 | a
እዚህ ጋ ቆም በይ። ደብተሩ በአንዲት ቀስት ዘሎታል፤ ማረጋገጫው የቆመው ግን በዚህ ላይ ነው። «ካሬውን ካካፈለ ራሱንም ያካፍላል» የሚል ለሁሉም ቁጥር የሚሠራ ሕግ የለም። 4 ለምሳሌ 36ን ያካፍላል፣ 36 ደግሞ የ6 ካሬ ነው፤ 6ን ግን አያካፍልም። ታዲያ ለ3 ለምን ሠራ?
ምክንያት፦ a ለ3 ሲካፈል ቀሪው 0፣ 1 ወይም 2 ነው። ቀሪው 1 ወይም 2 ቢሆን፦

```
(3k+1)² = 3(3k²+2k) + 1
(3k+2)² = 3(3k²+4k+1) + 1
```

በሁለቱም a² ቀሪው 1 ይሆናል። ይሄ ከ4ኛው ደረጃ ጋር አይሄድም። ስለዚህ የa ቀሪ 0 ብቻ ነው።

6. a = 3c፣ c ሙሉ ቁጥር ነው።
ምክንያት፦ በ3 መካፈል ማለት ይሄው ነው።

7. 3b² = 9c²
ምክንያት፦ 6ኛውን 3ኛው ውስጥ ተካን፤ (3c)² = 9c²። ፎቶው ላይ 9c ብቻ ነው ያለው። ጥላ መስሎኝ ነበር፣ ሳጎላው ግን ወረቀቱ ንጹህ ነው፤ ስትገለብጥ የረሳችው ነው። ቀጣዩ መስመር ላይ c² ስላለ ልቤ ሙሉ ሆኖ አርሜዋለሁ።

8. b² = 3c²
ምክንያት፦ ሁለቱንም ጎን ለ3 አካፈልን።

9. 3 | b², ስለዚህ 3 | b
ምክንያት፦ የመጀመሪያው ከ8ኛው፣ ሁለተኛው በ5ኛው ደረጃ ባየነው በራሱ ምክንያት። aን በb ተክተሽ አንብቢው።

10. 3 የa እና የb የጋራ አካፋይ ነው።
ምክንያት፦ 5 እና 9። ከ2ኛው ደረጃ ጋር ፊት ለፊት ተጋጨ። ✗ ምልክቷ ይቺ ናት።

11. √3 ኢራሽናል ነው።
ምክንያት፦ ከ2 እስከ 10 ያለው ሁሉ ከ1ኛው ግምት የመጣ ነው። መጨረሻው ግጭት ከሆነ፣ የወደቀው ግምቱ ነው።

በነገራችን ላይ ፕላቶ እንደጻፈው ቴዎዶሮስ የሚባል የግሪክ የሒሳብ መምህር ይሄንኑ ነገር ከ3 ጀምሮ እስከ 17 ድረስ፣ እንደ 4 ያሉትን ካሬ ቁጥሮች ትቶ፣ አንድ በአንድ ለተማሪዎቹ ያሳይ ነበር። አንቺ ግን ለቅዳሜ አንድ ብቻ ሥሪልኝ፦ 3ን በ4 ተክተሽ ከ1 ጀምሪ። √4 ሁለት እንደሆነ እናውቃለን፣ ስለዚህ የሆነ ቦታ መሰናከል አለበት። የትኛው ደረጃ ላይ እንደተሰናከለ ቁጥሩን ጽፈሽ ነይ።

ጓደኛሽንም ያቺን መስመር ጣቷን አንስታ እንደገና ፎቶ አንስታ እንድትልክልሽ ንገሪያት። 2ኛውን ደረጃ በግምት ነው የሞላሁት።