በኮሪደሩ የኔትወርክ ኬብል ለማሳለፍ ፈቃድ ስለመጠየቅ

ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወ/ሮ ጥሩወርቅ
አዲስ አበባ፣ የካ ክፍለ ከተማ

ጉዳዩ፦ ከፊት ለፊቱ ሱቅ ተነስቶ በጋራ ኮሪደሩ በኩል እስከ ኋላው የፕሌይስቴሽን ክፍል የሚደርስ አንድ የኔትወርክ ኬብል ለመዘርጋት ፈቃድዎን ስለመጠየቅ

የተከበሩ ወ/ሮ ጥሩወርቅ፣

በቅድሚያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከእርስዎ በተከራየኋቸው ሁለት ክፍሎች፣ ማለትም በመንገድ ዳሩ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ እና በኮሪደሩ ጫፍ በሚገኘው የፕሌይስቴሽን ክፍል፣ በአንድ የኢንተርኔት መስመር እየተጠቀምኩ መሆኑን ያውቃሉ። የፋይበሩ መስመር የገባው በሱቁ በኩል ስለሆነ ሞደሙም እዚያው ነው። በውላችን ላይ በቤቱ ግድግዳም ሆነ በጋራ መተላለፊያው ላይ ያለ አከራይ የጽሑፍ ፈቃድ ማናቸውም ሥራ እንደማይሠራ ስለተስማማን፣ አንድም ምስማር ከመምታቴ በፊት ይህንን ደብዳቤ ጽፌልዎታለሁ።

ኬብሉ ያስፈለገበት ምክንያት የዋይፋዩ ድካም ነው። በሞደሙና በኋላው ክፍል መካከል ሁለት የብሎኬት ግድግዳና የብረት በር ስላሉ፣ ሞገዱ እዚያ ሲደርስ ተዳክሞ ይደርሳል። ልጆቹ በኢንተርኔት ከሌላ ቦታ ተጫዋች ጋር ሲገጥሙ ጨዋታው ይቆራረጣል፤ በተለይ ደግሞ ለጨዋታዎቹ በየጊዜው የሚመጡት ማሻሻያዎች አንዳንዶቹ በአስር ጊጋባይት የሚቆጠሩ ስለሆኑ፣ በዋይፋይ ሲወርዱ ሌሊቱን ሙሉ ቆይተው ጠዋትም ሳያልቁ ይገኛሉ። የዋይፋይ ማራዘሚያ ሞክሬ ነበር፤ ሆኖም ማራዘሚያው ሞገዱን ተቀብሎ በዚያው መስመር መልሶ የሚያስተላልፍ በመሆኑ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ሁለተኛ የኢንተርኔት መስመር ማስገባት ደግሞ ተጨማሪ ወርሃዊ ክፍያ ከማስከተሉም በላይ፣ ከምሰሶው ሌላ ገመድ ተስቦ በቤቱ ፊት ላይ እንዲንጠለጠል ስለሚያደርግ አልወደድኩትም፤ እርስዎም የሚወዱት አይመስለኝም።

በግቢው በኩል በውጭ ዞሮ እንዲሄድ ያሰብኩበትም ጊዜ ነበር። ነገር ግን የኔትወርክ ኬብል ውስጡ መዳብ ስለሆነ በክረምት መብረቅ በአቅራቢያ ሲመታ ንዝረቱ በኬብሉ አልፎ ዕቃዎቹን ሊያቃጥል ይችላል፤ ለቤት ውስጥ ተብሎ የተሠራው ኬብል ልባስም በፀሐይ ይሰነጣጠቃል። በኮርኒሱ ላይ ማሳለፉ ከዓይን ይሰውረዋል፤ ይሁን እንጂ አይጥ ቢቆርጠው ለማግኘት ችፑዱን መገንጠል ግድ ይሆናል። ስለዚህ አጭሩም ለጥገና ቀላሉም መንገድ ኮሪደሩ ሆኖ አገኘሁት።

በኮሪደሩ በስተግራ ካለው ግድግዳ ላይ፣ ከኮርኒሱ አንድ ጋት ያህል ዝቅ ብሎ፣ ድሮ የተዘረጋ የስልክ ገመድ እንዳለ አስተውለው ይሆናል። በትናንሽ ምስማሮች የተያዘ ሲሆን ምስማሮቹ ዝገው፣ ግድግዳው በቅርቡ በተቀባው ቀለም ላይ እንኳ ቡናማ ነጠብጣቦች ብቅ ብለዋል። በሱቁ በር አናት ላይ ይህ ገመድ የገባበት ቀዳዳም ዛሬ ድረስ አለ። የእኔ ሐሳብ፣ ገመዱ አሁን የማያገለግል ከሆነ እሱን ነቅዬ፣ የዛጉትን ምስማሮች አውጥቼ፣ አዲሱን ኬብል በዚያው መስመር ነጭ የፕላስቲክ መሸፈኛ ውስጥ ማሳለፍ ነው። ፎቅ ላይ ያለው ስልክዎ በዚህ ገመድ የሚሠራ ከሆነ ግን እባክዎ ያሳውቁኝ፤ እንደዚያ ከሆነ ሳልነካው ኬብሉን ከሥሩ አሳልፋለሁ።

የኮሪደሩ ርዝመት 14 ሜትር ሲሆን፣ ከሞደሙ ወደ ላይ የሚወጣውና በኋላው ክፍል የሚወርደው ሲታከልበት ጠቅላላው ኬብል 22 ሜትር ይሆናል። በሱቁ በኩል የድሮው ቀዳዳ ስለሚበቃ አዲስ የሚበሳው አንድ ቦታ ብቻ፣ ይኸውም ከፕሌይስቴሽኑ ክፍል በር በላይ ነው። የኬብሉን ጫፍ የምናስረው ግድግዳውን ካለፈ በኋላ ስለሆነ የ10 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይበቃል፤ በትራፓኖ የሚበሳ ስለሆነ ልስኑ አይረግፍም። መሸፈኛውን በማጣበቂያ ፕላስተር መለጠፍ ቢቻልም፣ ማጣበቂያ ወደፊት ሲነቀል ቀለሙን ይዞ ስለሚወርድ፣ እኔ የምመርጠው በትናንሽ ፊሸርና ብሎን ማሰሩን ነው፤ የብሎን ቀዳዳ በስቱኮ ተደፍኖ ቀለም ሲቀባ አይታይም። ያም ሆኖ ግድግዳው የእርስዎ ነውና ምርጫውን ለእርስዎ እተዋለሁ።

የእሳት አደጋ ያሰጋል ብለው እንዳይጨነቁ፣ ይህ ኬብል የመብራት መስመር አለመሆኑን ማስረዳት እወዳለሁ። የሚያስተላልፈው የመረጃ ምልክት ስለሆነ ቢቆረጥ ወይም ቢላጥ እንኳ ሰውን የሚነዝር ኃይል የለውም፤ ጉዳቱ ኢንተርኔቱ መቋረጡ ብቻ ነው። ኮሪደሩ መካከል ካለው የቆጣሪ ሳጥን ግን ራቅ አድርጌ አሳልፈዋለሁ፤ ከሳጥኑ ወደ ላይ የሚወጣውን የመብራት መስመር የሚሻገርበት ቦታ ላይም ጎን ለጎን ሳይሄዱ በቀጥታ አቋርጦ እንዲያልፍ አደርጋለሁ። በኋላው ክፍል አራቱን ፕሌይስቴሽኖች የሚያገናኝ አነስተኛ ስዊች ይኖራል፤ የሚወስደው ኃይል ከአንድ አምፖል ያነሰ ሲሆን፣ የሚቆጥረውም የእኔው ቆጣሪ ነው።

በኮሪደሩ ወለል ላይ ምንም ነገር አይዘረጋም። የእርስዎ ቤተሰብም ሆነ ሌሎቹ ተከራዮች የሚያደናቅፋቸው፣ ወለሉ ሲወለወልም የሚረጥብ ገመድ አይኖርም። በኬብሉ ምክንያት የፕሌይስቴሽኖቹ ቁጥር አይጨምርም፤ ክፍሉም እንደ እስካሁኑ ማታ 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ባለፈው ስለ ጩኸቱ የነገሩኝን አልረሳሁም። እንዲያውም ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚጮኹት ጨዋታው መሃል ላይ ሲቋረጥባቸው ስለሆነ፣ ጩኸቱ ይቀንሳል የሚል ተስፋ አለኝ።

ፈቃድዎ ከሆነ ሥራውን ሐሙስ ጥቅምት 20 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ፣ አብዛኞቹ ተከራዮች ሥራ ላይ በሚሆኑበት ሰዓት፣ በኔትወርክ ሥራ ከሚተዳደር ጓደኛዬ ጋር ሆኜ እሠራዋለሁ። ከግማሽ ቀን አያልፍም፤ የትራፓኖው ድምፅ የደቂቃዎች ነገር ነው። ወጪው በሙሉ የእኔ ሲሆን፣ የሚወድቀውን አቧራና ፍርስራሽም በዕለቱ አጸዳለሁ። የምስማሮቹ ዝገት የታየባቸውን ቦታዎች በተመሳሳይ ቀለም እንዳድስ፣ ከቅቡ የተረፈ ቀለም ካለዎት ጥቂት ቢሰጡኝ፣ ከሌለም የቀለሙን ቁጥር ቢነግሩኝ ራሴ እገዛለሁ። ቤቱን በምለቅበት ጊዜ ኬብሉንና መሸፈኛውን አንስቼ ቀዳዳዎቹን ደፍኜ እቀባለሁ፤ ለሚቀጥለው ተከራይ ይጠቅማል ካሉ ደግሞ ያለ ምንም ክፍያ ትቼልዎት እሄዳለሁ። ይህንን ሳልፈጽም ብቀር የማሳደሻውን ወጪ በእጅዎ ካለው የመያዣ ገንዘብ ላይ እንዲቀንሱ በዚህ ደብዳቤ ተስማምቻለሁ።

መስመሩን በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ በሚመችዎ ሰዓት መጥቼ፣ ኬብሉ የሚያልፍበትን በእርሳስ ምልክት አድርጌ ላሳይዎት ዝግጁ ነኝ። የሚቀየር ነገር ካለም ያኔ ይነግሩኛል። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ስላዘጋጀሁ፣ ከተስማሙ በአንዱ ግርጌ «ፈቅጃለሁ» ብለው ፈርመው ቢመልሱልኝ ከውላችን ጋር አያይዤ አስቀምጠዋለሁ። ፈቃድዎን እስካገኝ ድረስ ሥራውን አልጀምርም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ዳንኤል
የምድር ቤቱ ሱቅና የፕሌይስቴሽን ክፍል ተከራይ