ዳር የደረሰ መጽሐፍ

በሐይቅ ከተማ የበልግ ዝናብ ሲበረታ መብራት መጥፋቱ ማንንም አያስደንቅም። የዚያን ሐሙስ ምሽትም ነጎድጓዱ እንዳስገመገመ ሰፈሩ ጨለመ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪዋ ሐያት ግን በማግስቱ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የምትመልሰው መጽሐፍ ሠላሳ ያህል ገጽ ይቀራት ስለነበር፣ አያቷ ለክፉ ቀን ያስቀመጡትን ኩራዝ አውርዳ ክሩን ሳብ አድርጋ ለኮሰችው።

መጽሐፉ ከአፋር በረሃ አሞሌ ጨው በግመል ጭነው ወደ ደጋ ስለሚወጡ አንድ አባትና ሁለት ወንድ ልጆቹ የሚተርክ ልብ ወለድ ነበር። ሐያት ከዚያ በፊት አንድም መጽሐፍ ዳር አድርሳ አታውቅም። የለመደችው የአማርኛ መማሪያውን ምንባብ ነው፤ ምንባቡ ደግሞ ባለታሪኩ ገና ከቤቱ ሳይርቅ ያበቃና ጥያቄዎቹን ይደረድራል። ልጆች ማንበብ ይጠላሉ እያልን ከመውቀሳችን በፊት፣ ሙሉ ታሪክ የያዘ መጽሐፍ ስንቶቹ እጅ ገብቶ እንደሚያውቅ ብንጠይቅ ይሻለናል።

«አንቺ ልጅ፣ ጭሱ ዓይንሽን ያጠፋዋል» አሉ አያቷ ከመደቡ ላይ ሆነው።

«ትንሽ ይታገሱኝ፣ እማማ።»

አያቷ ፊደል አልቆጠሩም፤ ሆኖም ሐያት በየማታው ቡና ሲፈላ ያነበበችውን ስትነግራቸው ስለሰነበተች፣ ታናሽየው ልጅ በረሃ ላይ ከነጋዴዎቹ ተለይቶ መጥፋቱን ያውቃሉ። ስለዚህ ዓይኗን ትተው ስለ እሱ መጠየቅ ጀመሩ። እሷ ግን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ በኩራዙ ብርሃን ልክ ገጹን እያዘነበለች፣ የመጨረሻውን መስመር እስክትጨርስ አልመለሰችላቸውም።

«አልተመለሰም» አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «አባትየው ዓመት ሙሉ ጠብቆት ግመሉን ሸጠ።»

«ወላሂ ይህስ ግፍ ነው! ጸሐፊው ሊመልሰው ይችል አልነበር?»

ሐያትም መጀመሪያ እንዲሁ ተሰምቷት ነበር። ኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ ብሏት ገጾቹን ወደ ኋላ መግለጥ ጀመረች፤ ታናሽየው ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ የጨው ንግድ እንዳስጠላውና ባሕር ማየት እንደሚመኝ ለወንድሙ ሲነግረው አገኘችው። ስታነበው እንደ ዋዛ አልፋው ነበር።

«እማማ፣ አልጠፋም እኮ! ሄዶ ነው። እዚህ ላይ ተናግሯል!»

አያቷ ተነሥተው ከጠርሙሱ የቀረችውን ላምባ ኩራዙ ላይ ጨመሩ። «በይ እንግዲህ ከመጀመሪያው አንብቢልኝ፤ እኔ ራሴ ልስማው።»