የሱቁን ዕቃ በኤክሴል መዝግቦ መታዘዝ ያለበትን ለመወሰን የቀረበ ሐሳብ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ የሱቁ ባለቤት፣

የሱቅዎን ወርኃዊ ሒሳብ ስዘጋ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ስላለ ይህን ሐሳብ አቀርብልዎታለሁ። በጥቅምት ወር ባለ 5 ሊትሩ ዘይት ለሦስት ቀን ጠፍቶ ደንበኞች ወደ ሌላ ሱቅ ሲሄዱ፣ በዚያው ሰሞን 14 ካርቶን ብስኩት የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍ ሁለት ወር ብቻ ቀርቶት በመጋዘኑ ተደርድሮ ነበር። ዘይቱን መግዣ ገንዘብ አልጠፋም፤ ብስኩቱ ላይ ተኝቶ ነበር እንጂ። ይህን የምለው የእርስዎን ትጋት አሳንሼ አይደለም፤ ከ200 የሚበልጥ የዕቃ ዓይነት በቃል መያዝ ለማንም ይከብዳል።

የማቀርበው ሐሳብ በሱቁ ባለው ላፕቶፕ ላይ ሦስት ገጽ ያለው የኤክሴል ሠንጠረዥ እንድናዘጋጅ ነው። «ገቢ» እና «ወጪ» በተባሉት ገጾች ቀን በA፣ የዕቃው ኮድ በB፣ ብዛት በC ይጻፋሉ፤ «ዕቃ» የተባለው ገጽ ቀሪውን ራሱ ያሰላል። በዚህ ገጽ ላይ A የዕቃው ኮድ፣ C መነሻ ቆጠራ፣ D አሁን ያለው፣ E አማካይ የቀን ሽያጭ፣ F ዕቃው ከታዘዘ በኋላ እስኪደርስ የሚፈጀው ቀን፣ G መጠባበቂያ፣ H የማዘዣ ልክ፣ I ታዝዞ ያልደረሰ ይሆናሉ፤ J ደግሞ ውሳኔውን ያሳያል።

```
D2: =C2+SUMIFS('ገቢ'!C:C,'ገቢ'!B:B,A2)-SUMIFS('ወጪ'!C:C,'ወጪ'!B:B,A2)
H2: =E2*F2+G2
J2: =IF(D2+I2<=H2,"ይታዘዝ","ይቆይ")
```

ዘይቱን ምሳሌ ላድርግ። በቀን 6 ጀሪካን የሚሸጥ ከሆነ፣ ከመርካቶ ተጭኖ እስኪደርስ 4 ቀን ከፈጀና 8 ጀሪካን መጠባበቂያ ከያዝን፣ የማዘዣ ልኩ 32 ይሆናል። ስለዚህ 32 ጀሪካን ሲቀር ይታዘዛል እንጂ መደርደሪያው እስኪራቆት አይጠበቅም። ታዝዞ ያልደረሰውን ለብቻው የምንጽፈውም ጭነቱ መንገድ ላይ እያለ ሁለተኛ እንዳይታዘዝ ነው።

ሠንጠረዡ እውነቱን እንዲናገር ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች አሉ። ፓስታ በካርቶን ገብቶ በፍሬ፣ ስኳር በኩንታል ገብቶ በኪሎ ስለሚወጣ፣ ሁሉም በሚሸጥበት መለኪያ መመዝገብ አለበት፤ አለዚያ ቀሪው ትርጉም ያጣል። በዱቤ የወጣ ዕቃም ገንዘቡ ባይገባ እንኳ በወጣበት ዕለት ይጻፋል፤ የዱቤ ደብተሩ ግን እንደ ወትሮው ይቀጥላል። ኤክሴል በቀን መካከል የሚያሰላው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ፣ ለስሌቱ ያንን ቀን፣ ለእኛ ንባብ ደግሞ የኢትዮጵያን ቀን ከብዛቱ ቀጥሎ በD እንጽፋለን።

ከሁሉ በላይ የማሳስበው የአማካይ ሽያጩን ነገር ነው። ስሌቱ ያለፉትን 14 ቀናት ይመለከታል፤ ነገር ግን ዘይት በጠፋባቸው ሦስት ቀናት ምንም አለመሸጡን ፈላጊ እንዳልነበረ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ ዕቃ ያልነበረባቸውን ቀናት ከአማካዩ ማውጣት ይኖርብናል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ሲገባም ወተትና እንቁላል ይቀዘቅዛሉ፤ ዘይት፣ ምስርና ሽሮ ይፈለጋሉ። ሠንጠረዡ ይህን የሚያውቀው ዘግይቶ ስለሆነ፣ በጾሙ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የእርስዎ የዓመታት ልምድ ከስሌቱ ይቀድማል። ለገና ዋዜማም እንዲሁ ነው።

ሁሉንም ዕቃ በአንድ ጊዜ መጀመር አልመክርም። ብዙ በሚሸጡና ብዙ ገንዘብ በሚይዙ 30 ዕቃዎች እንጀምር። እሑድ ኅዳር 7 ማታ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ አብረን እንቆጥራለን፤ ከሰኞ ኅዳር 8 እስከ እሑድ ታኅሣሥ 19 ለስድስት ሳምንታት እንሞክራለን። በየምሽቱ ምዝገባው ወደ 20 ደቂቃ ይወስዳል፤ ቀን ላይ መብራት ቢጠፋም ልጆቹ በወረቀት ይዘው ማታ ሊያስገቡት ይችላሉ። በየእሑዱ አምስት ዕቃ መርጠን በእጃችን ቆጥረን ከሠንጠረዡ ጋር እናመሳክራለን፤ ልዩነት ከተገኘ ያልተመዘገበ ሽያጭ፣ ብልሽት ወይም የቆጠራ ስሕተት መሆኑን በዚያው ዕለት እናጣራለን።

ለሙከራው ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ አልጠይቅም፤ ልጆቹንም እኔው አሠለጥናለሁ። ታኅሣሥ 20 ሁለት ነገር አቀርብልዎታለሁ፦ ከ30ዎቹ ዕቃዎች ስንቱ ለስንት ቀን እንደጠፋ፣ እንዲሁም ከአንድ ወር በላይ ሳይነካ የቆየ ዕቃ ምን ያህል ብር እንደያዘ። ቁጥሩ ከጥቅምቱ ካልተሻለ ሥራውን እናቆማለን።

ለቆጠራው እንድዘጋጅ ፈቃድዎን እስከ ዓርብ ኅዳር 5 ቢያሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር፣
የሱቅዎ የሒሳብ ሠራተኛ