የክፍያ ዳታቤዙ ሻርዲንግ፦ አምስተኛ ሰርቨር ከመጨመራችን በፊት ቁልፉን እንቀይር

ሰላም ልጆች፣ ትናንት ስብሰባው ላይ ሰዓት አልቆብን ሳልናገረው የቀረሁትን እዚህ ልጻፈው። ረዘም ይላል ግን እባካችሁ እስከመጨረሻው አንብቡልኝ፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር አሁን ካልተስተካከለ መስከረም ላይ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲጨመርበት አንችለውም።

ባለፈው ወር መጨረሻ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተረኛው እኔ ነበርኩ። አራቱን ሰርቨሮች ጎን ለጎን ከፍቼ ሳያቸው ሻርድ 2 ሲፒዩው 97 ፐርሰንት ደርሷል፣ ሶስቱ ደግሞ ከ10 በታች ሆነው ቁጭ ብለዋል። ኮኔክሽኑ ሁሉ ሻርድ 2 በር ላይ ተሰልፎ ሰው ስልኩ ላይ "እባክዎ ይጠብቁ" እያየ ነው። ያኔ ሻርድ 2 ላይ የሮጥኩት ይሄን ነው፦

```sql
SELECT biller_id, count(*)
FROM payments
WHERE created_at > now() - interval '10 minutes'
GROUP BY biller_id
ORDER BY 2 DESC LIMIT 5;
```

የመጀመሪያው ረድፍ ብቻውን ከሻርዱ ክፍያ 88 ፐርሰንቱን ይዟል፣ የመብራት ሂሳብ ነው። ሻርድ ያደረግነው `biller_id % 4` ብለን ስለሆነ አንድ ቢለር ሁሌም አንድ ሰርቨር ላይ ነው የሚያርፈው፣ ስለዚህ አምስተኛ ሰርቨር ብንገዛም የመብራቱ ቢለር ከነሸክሙ ከአምስቱ አንዱ ላይ ይወድቃል እንጂ አይከፋፈልም። እዚህ ጋ እንስማማ በመጀመሪያ፣ ችግሩ የሰርቨር ማነስ ሳይሆን የቁልፍ ምርጫ ነው።

ዳታውን በወር በወር እንከፋፍለው ላልሽው፣ ለሪፖርት እንደሚመችሽ ገብቶኛል፣ የድሮ ዳታ ለማንሳትም አሪፍ ነው። ግን በወር ሻርድ ካደረግን የዛሬ ክፍያ በሙሉ የዚህ ወር ሻርድ ላይ ይዘንባል፣ ያለፉት ወራት ሰርቨሮች ስራ ፈተው ይቀመጣሉ፣ ማለትም አሁን ካለንበት የባሰ ነው። በኛ ወር አቆጣጠር ከሆነ ደግሞ ጳጉሜ 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ያላት ሻርድ ትሆናለች። እያንዳንዱ ሻርድ ውስጥ ቴብሉን በወር ፓርቲሽን እናድርገው፣ በሰርቨሮች መሀል ግን አይሆንም።

ክላውድ ላይ ወስደን ለዳይናሞዲቢ እንስጠው ያልከው ወንድሜ ደግሞ፣ እዛም ቢሆን አንድ ፓርቲሽን በሰከንድ 1,000 የራይት ዩኒት እና 3,000 የሪድ ዩኒት ጣሪያ አለው፣ መጥፎ ቁልፍ ይዘህ ከሄድክ እዛም ይከተልሃል።

የኔ ሀሳብ በከፋዩ ሻርድ እናድርግ ነው። አንድ ሰው በወር የሚከፍለው ሶስት አራት ቢል ነው፣ ማንም ብቻውን ሻርድ አያቃጥልም፣ እና ደንበኛው አፑ ላይ "የከፈልኳቸው" ሲል ሁሉም ከአንድ ሰርቨር ይመጣል። የሚከፈል ዋጋ አለው፣ አልደብቅም፣ የቢለር ሪፖርት አሁን ሁሉንም ሻርድ መጠየቅ አለበት፣ ከአራቱ አንዱ ቀርፋፋ ከሆነ ሪፖርቱም ቀርፋፋ ነው። ሪፖርት ግን ሌሊት የሚሰራ ነገር ነው፣ ክፍያ ሰው ቆሞ የሚጠብቀው ነው።

አንድ ነገር ግን በከፋይ ሻርድ ማድረጉ ብቻ አይፈታውም። አሁን እያንዳንዱ ክፍያ ሲገባ የቢለሩን ቀሪ ሂሳብ የያዘችውን አንዲት ረድፍ አፕዴት ያደርጋል። ሺህ ሰው በአንዴ ሲከፍል ሺውም ያችን ረድፍ ለመቆለፍ ተራ ይጠብቃል፣ የትም ሰርቨር ላይ ብትቀመጥ ያው ናት። ስለዚህ ለትልልቆቹ ቢለሮች ረድፏን በየሻርዱ 16 ቦታ እንከፋፍላት፣ ክፍያው ሲገባ ከፋዩ ያለበት ሻርድ ላይ ከ16ቱ አንዷን በዘፈቀደ መርጦ ይደምርባት፣ ቀሪ ሂሳብ ስንፈልግ ሁሉንም እንደምራለን። ለትንንሾቹ ቢለሮች አያስፈልግም፣ በየሻርዱ አንድ ረድፍ ይበቃቸዋል።

አሁን ወደ ሪባላንሲንጉ፣ እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ቁልፉን በሰርቨር ብዛት እያካፈልን ከቀጠልን ከ4 ወደ 5 ስንሄድ 80 ፐርሰንቱ ዳታ ቦታ ይቀይራል፣ በዜሮ ክፍያ ቀን እንኳን ብንሰራው ቅዠት ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ 256 ባኬት እናድርግ፣ ይሄ ቁጥር አይቀየርም፣ የሚቀየረው የትኛው ባኬት የትኛው ሰርቨር ላይ እንዳለ የሚናገረው ማፕ ብቻ ነው፦

```
bucket = crc32(payer_id) & 255
server = map[bucket]
```

አሁን በየሰርቨሩ 64 ባኬት፣ አምስተኛው ሲመጣ ከአራቱም ትንሽ ትንሽ ወስደን 51 ባኬት እንሰጠዋለን፣ አንድ አምስተኛው ብቻ ተንቀሳቀሰ ማለት ነው። ሬዲስ ክላስተርም 16,384 ስሎት ይዞ የሚሰራው በዚሁ መንገድ ነው። ሃሹን አፕሊኬሽኑ ውስጥ እናስላው፣ የፖስትግሬስን የውስጥ `hashtext` አንጠቀም፣ ቨርዥን ሲቀየር ውጤቱ እንደማይቀየር ማንም ቃል አልገባልንም።

እያንዳንዱ ባኬት የራሱ ቴብል ቢኖረው ማዛወሩ ቀላል ነው፣ በሎጂካል ሬፕሊኬሽን ወደ አዲሱ ሰርቨር ይኮፓል፣ ላጉ ወደ ዜሮ ሲጠጋ የዛን ባኬት ራይት ብቻ ለትንሽ ሰከንድ እናቆማለን፣ የቀረው እስኪደርስ ጠብቀን ማፑን ቀይረን እንከፍታለን። ሁለት ጉድጓድ አለ እዚህ። አንደኛ ሎጂካል ሬፕሊኬሽን ሲኩዌንስ አያዛውርም፣ አይዲው በአዲሱ ሰርቨር ላይ ከ1 ሊጀምር ነው፣ ስለዚህ ወደ ዩዩአይዲ እንሂድ። ሁለተኛው የባሰ ነው፣ አንዱ አፕ ሰርቨር የድሮውን ማፕ ሚሞሪው ውስጥ ይዞ ክፍያ ወደ ድሮው ቦታ ቢልክ ብሩ ማንም የማያየው ቦታ ይቀመጣል። ማፑ የቨርዥን ቁጥር ይኑረው፣ የድሮው ሰርቨርም ያስረከበውን ባኬት ራይት "የኔ አይደለም" ብሎ ይመልስ፣ ዝም ብሎ መቀበል የለበትም። ወር መጨረሻና የበዓል ዋዜማ ላይ ደግሞ ምንም ባኬት አይንቀሳቀስም።

ሬፕሊኬሽኑ ላይ ብዙ አልልም፣ አንድ ነገር ብቻ። ያን የወር መጨረሻ ማታ እናቴ መብራት ከፍላ አፑ "አልተከፈለም" አላትና ደግማ ከፈለች። ክፍያዋ ፕራይመሪው ላይ ገብቶ ነበር፣ አፑ ያነበበው ግን 9 ሰከንድ ወደ ኋላ ከቀረው ሬፕሊካ ነው። ስትደውልልኝ ድምጿ ውስጥ የነበረው ድንጋጤ እስካሁን አልወጣልኝም፣ ስንት ሌላ እናት የሚደወልለት ልጅ ሳይኖራት ደግማ እንደከፈለች አስቡት። ስለዚህ ሰው ከከፈለ በኋላ ለሚቀጥለው አንድ ደቂቃ የሱ ንባብ ከፕራይመሪ ይሁን፣ እና የክፍያ ጥያቄው ሁሉ ድጋሚ ቢላክ ሁለቴ እንዳይቆርጥ መለያ ቁጥር ይያዝ።

ለራይቱ ደግሞ አሁን ሙሉ በሙሉ ኤሲንክ ነን፣ ፕራይመሪው ድንገት ቢሞት የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ክፍያ አብሮ ይሞታል። ይሄን እንቀይረው፦

```
synchronous_standby_names = 'ANY 1 (s1, s2)'
```

ከሁለቱ ሬፕሊካዎች አንዱ ራይቱ ደርሶኛል ካለ ይበቃል። አንድ ብቻ ብለን ስም ብንጠራ ያ ሰርቨር በወደቀ ቁጥር ክፍያው ሁሉ ይቆማል። ሶስተኛው ኮፒ ሌላኛው ህንፃ ላይ ኤሲንክ ሆኖ ይቀጥል፣ ግን ወደሱ በራሱ አውቶማቲክ ፌይልኦቨር አይሁን። ጊትሃብ በጥቅምት 2018 (በፈረንጅ) ኔትወርኩ ለ43 ሰከንድ ብቻ ተቋርጦ ዳታቤዙ ወደ ሌላኛው የአሜሪካ ዳርቻ ሲዛወር በሁለቱም በኩል ወደ ሌላው ያልተሻገረ ራይት ቀርቶ ለማስተካከል ከ24 ሰዓት በላይ ፈጅቶባቸዋል። እኛ የሰው ብር ነው የያዝነው፣ ያን ውሳኔ ሰው ይወስን።

ሐሙስ ከሰዓት 256ቱን ባኬት በቴስት ሰርቨር ላይ አቁሜ የባለፈውን ወር መጨረሻ ትራፊክ እንደገና እለቅበታለሁ። የሪፖርቱን ኩዌሪዎች ከዛ በፊት ላኪልኝ፣ በአራቱም ሻርድ ላይ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጁ አብሬ እለካቸዋለሁ።