ገዢ ያጣው ፌስታል፦ የቀበናና የግንፍሌ ወንዞች የፕላስቲክ ብክለት
(የ5 ደቂቃ የቡድን ፕሬዘንቴሽን፣ ቡድን 3)

አቅራቢዎች፦ ሄለን፣ ዮናታን፣ ፈትያ፣ ብሩክ
የምንይዘው፦ አንድ ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ፣ አንድ ስስ ጥቁር ፌስታል፣ አንድ ባዶ ማዳበሪያ

ሄለን
(ስላይድ 1፦ ከቀበና ድልድይ ወደ ታች የተነሳ ፎቶ)

እንደምን አረፈዳችሁ። መምህራችን፣ ከወረዳው ጽዳት ጽሕፈት ቤት የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ይሄን ቦታ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ የምትሄዱበት ታክሲ በየቀኑ በላዩ ላይ ያልፋል። ታክሲ ውስጥ ሆኖ ግን ወደ ታች የሚያይ ሰው ብዙ የለም።

ፎቶው ላይ ድንጋይና ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለውን ተመልከቱ። ጨርቅ ይመስላል፣ ፌስታል ነው። የተንጠለጠለበት ከፍታ ደግሞ ባለፈው ክረምት ውሃው የት ድረስ ሞልቶ እንደነበር ይነግራችኋል።

ስለ ፕላስቲክ ብክለት ሲወራ ሁሌ የሚመጣው ፎቶ ባህር ውስጥ ያለች ኤሊ ናት። ለእኛ ከተማ ግን ያ ፎቶ አይሠራም። ግንፍሌ ከቀበና ይገናኛል። ቀበና ትልቁ አቃቂ ውስጥ ይገባል። አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ይደርሳል፣ ከዚያ አዋሽ ይቀበለዋል። አዋሽ ደግሞ ባህር አይደርስም። አፋር ምድር ላይ፣ ጅቡቲ ድንበር አጠገብ፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ከዚህ የለቀቅነው ፕላስቲክ የትም አይሄድብንም። እዚሁ አገር ውስጥ ይቀራል። ዮናታን ይቀጥላል።

ዮናታን
(ሃይላንዱንና ፌስታሉን ከፍ አድርጎ ያሳያል)

ሁለቱም ፕላስቲክ ናቸው፤ እድላቸው ግን አንድ አይደለም። ይቺን ሃይላንድ መንገድ ላይ ብጥላት ብዙም ሳይቆይ የሚያነሳት ሰው ይመጣል። ቆራሌው አለ፣ በጆንያ የሚሰበስቡ ልጆች አሉ፣ በኪሎ የሚረከብ ነጋዴ አለ፣ ጨምቆ የሚያስር ፋብሪካ አለ። ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ 15 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ከ60 እስከ 70 የሚሆን ከተገኘ አንድ ኪሎ ሞላ፣ ብር ሆነ ማለት ነው።

(ሃይላንዱን አስቀምጦ ፌስታሉን ብቻ ይይዛል)

ይሄኛውስ? ስስ ፌስታል 5 ግራም ቢመዝን ነው። አንድ ኪሎ ለመሙላት 200 ፌስታል ከጭቃ ውስጥ መልቀም፣ ማጠብ፣ ማድረቅ ያስፈልጋል። ማን ይለቅመዋል? እኔም አልለቅመውም። ልጆቹም አይለቅሙትም፣ ትክክል ናቸው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ፌስታሉ ከሱቅ ቲማቲም ይዞ ቤት ይገባል። ማታ ቆሻሻ ይዞ ይወጣል። ገንዳው ሞልቶ ከሆነ ጎኑ ላይ ይቀመጣል። ውሻ ይቀደዋል፣ ንፋስ ይወስደዋል፣ ቦይ ውስጥ ይገባል። በጋውን ሙሉ እዚያው ይጠራቀማል። ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ የወራቱን በአንድ ቀን ጠርጎ ወንዝ ውስጥ ይከተዋል። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ፣ ብሩክ መጨረሻ ላይ ይፈልጋታል።

ፈትያ
(ስላይድ 2፦ በፌስታል የተደፈነ የድልድይ ስር ቱቦ)

እኔ የማወራው ስለ ጉዳቱ ነው። ባጭሩ እሄዳለሁ፣ ምክንያቱም ግማሹን ታውቁታላችሁ።

አንደኛ፣ ጎርፍ። ፌስታል ለብቻው ቱቦ አይደፍንም። ከቅርንጫፍ፣ ከጨርቅና ከደለል ጋር ሲጠላለፍ ግን ውሃ የማያሳልፍ ግድግዳ ይሆናል። ያኔ ውሃው መንገድ ይለውጣል፣ ወንዙ ዳር ያለ ቤት ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛ፣ አትክልት። በአቃቂ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፣ ወደዚሁ ከተማ ገበያ ይመጣል። ፕላስቲክ አይበሰብስም፣ በፀሐይ ይሰባበራል እንጂ። ስብርባሪው ከውሃው ጋር ማሳ ላይ ይወጣል። በእርግጥ ወንዙን የበከለው ፕላስቲክ ብቻ አይደለም፣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽና የፋብሪካ ኬሚካልም አለበት። ፌስታል ተነሳ ማለት ወንዙ ጸዳ ማለት አይደለም። ይሄን ሳንል ብናልፍ ውሸት ይሆንብናል።

ሦስተኛ፣ ሕግ። «ሕግ ይውጣ» ልትሉ ነው። ወጥቷል እኮ! አዋጅ 513 በ1999 ዓ.ም. ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ የማይበሰብስ ፌስታል ከልክሎ ነበር። ሱቅ ላይ ቆሞ ውፍረት የሚለካ ግን ማን ነው? በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ አዋጅ ይሻላል፣ የፌስታልን ነገር ከውፍረት አውጥቶ በቀጥታ ይከለክላል። ጥሩ ነው። ግን አዋጅ ነገ የሚመረተውን ያስቆማል እንጂ ቦይ ውስጥ የተቀመጠውን አያወጣም።

ብሩክ
(ስላይድ 3፦ የወንዙ ካርታ፣ ቦዮች ወንዙን የሚያገኙባቸው ቦታዎች በቀይ)

ወንዝ ዳር የጽዳት ዘመቻ ሁላችንም ወጥተናል። ጓንት፣ ቲሸርት፣ ፎቶ። አንጠላውም፤ ግን ወንዙ ላይ መልቀም ዘግይቶ መልቀም ነው። ዮናታን እንዳለው ፌስታሉ በጋውን ቦይ ውስጥ ነው የሚጠብቀን። ስለዚህ የምንመክረው አንድ ነገር ነው፦

ወረዳው ከግንቦት መጨረሻ በፊት፣ ወደ ቀበናና ግንፍሌ በሚፈሱ ቦዮች አፍ ላይ የብረት ወንፊት ይግጠም። ወንፊቱ ላይ የተያዘውን ለሚያወጡት የጽዳት ማኅበራት ደግሞ በኪሎ ሳይሆን በማዳበሪያ ይክፈል።

(ባዶውን ማዳበሪያ ዘርግቶ ያሳያል)

በዚህ ማዳበሪያ። ፌስታል ቀላል ስለሆነ በሚዛን ሁሌ ይሸነፋል። በማዳበሪያ ከተለካ ግን ቶሎ ይሞላል። ለሚለቅመው ሰው ያዋጣዋል፣ ለሚቆጣጠረውም ለመቁጠር ይቀላል።

ወንፊቱ ራሱ ጎርፍ አያመጣም ወይ? ካልጸዳ ያመጣል። ለዚህ ነው ወንፊቱ የቦዩን ሙሉ ቁመት መዝጋት የሌለበት። ከላይ ክፍት ይሁን፣ ውሃው ሲበዛ አናቱ ላይ ይለፍ። ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላም ይጸዳ። የሚያጸዳው ሰው ስምና ስልክ እዚያው ቦዩ አጠገብ ይለጠፍ፣ የሰፈሩ ሰው ሲደፈን አይቶ ይደውልለት።

ሁሉም ቦይ ላይ በአንዴ ይሁን አንልም። ዘንድሮ ከቀበና ድልድይ ወደ ላይ ባሉ አምስት ቦዮች ይጀመር። የወጣው ማዳበሪያ በየሳምንቱ ይመዝገብ። መስከረም ላይ መዝገቡን አይተን ይቀጥል ወይም ይቅር እንበል። ወንፊቱን የሰፈር ብየዳ ቤት ይሠራዋል፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የለውም።

ለወረዳው የጻፍነው የአንድ ገጽ ማመልከቻ በር አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። ሰፈራችሁ ያለ፣ ወንዝ ላይ የሚከፈት ቦይ የምታውቁ ጀርባው ላይ ቦታውን ጻፉልን። የምትስማሙ ፈርሙ። አሁን ጥያቄ እንቀበላለን፤ ስለ ወንፊቱ ለእኔ፣ ስለ አዋጁ ለፈትያ።