ከማጣሪያው በር ወደ ጥናት ጥያቄ፦ በአዳማ ዙሪያ የፍሎራይድ ማስወገጃ
(ለሙያ ዶክትሬት ማመልከቻ የቀረበ ጽሑፍ)

አዳማ ከተማ የአዋሽን ውሃ አጣርታ ስትጠጣ፣ በዙሪያዋ ያሉ በርካታ የገጠር ቀበሌዎች ግን በጥልቅ ጉድጓድ ላይ ጥገኛ ናቸው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይበዛበታል፤ ካልሲየሙ ስለሚያንስ ፍሎራይዱ ሳይዘቅጥ ሟሙቶ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው።

በውሃ መሐንዲስነት የማውቀው ዋናው ችግር ፍሎራይዱን ከውሃው የሚይዘው የአጥንት ከሰል ማጣሪያ መቼ እንደሚጠግብ አለመታወቁ ነው። የጠገበ ማጣሪያ ውሃው አይደፈርስም፣ ጣዕሙም አይለወጥም፤ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። ከሰሉ በአግባቡ ካልተቃጠለ ውሃው ይሸታል፤ ከልክ በላይ ከተቃጠለ ደግሞ ፍሎራይድ የመያዝ አቅሙ ይወርዳል። ለቀበሌ የውሃ ኮሚቴ «በየጊዜው አስመርምሩ» ማለት ቀላል ነው፤ መመርመሪያው ግን ከተማ ነው ያለው።

አሉምና ኖራ የሚጠቀመው ዘዴ ሌላ ጣጣ አለው። ፒኤች ከ6 እስከ 7 ካልተጠበቀ ቅሪት አሉሚኒየም ይጨምራል። አሉሚኒየሙ ፍሎራይዱን አስሮ ስለሚይዝ፣ ናሙናው ላይ ተገቢው በፈር ካልተጨመረ ፍሎራይድ የሚለካው ኤሌክትሮድ ከእውነተኛው ያነሰ ያነባል። ያልተጣራው ውሃ የተጣራ የሚመስለው እዚህ ላይ ነው።

የጥናቴ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። የባይካርቦኔት መጠን የአጥንት ከሰልን የአገልግሎት ዘመን በምን ያህል ያሳጥራል? በማጣሪያው ያለፈውን ውሃ በቆጣሪ ብቻ ለክቶ የመቀየሪያ ጊዜን መወሰን ይቻላል? ለሁለተኛው አደላለሁ፤ ቆጣሪን ማንም የቦኖ ጠባቂ ያነባል።