ስለ ናሆም የሒሳብ ውጤት

ለተማሪ ናሆም ወላጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ይህን ማስታወሻ የጻፍኩት የናሆም የሒሳብ ውጤት በዚህ ወሰነ ትምህርት እየቀነሰ ስለመጣና ምክንያቱን አብረን ብንፈልግ በቶሎ ይስተካከላል ብዬ ስለማምን ነው። በመጀመሪያው ፈተና ከ20 17፣ በሁለተኛው 14፣ ባለፈው ሳምንት ደግሞ 9 አግኝቷል። የጠባይ ችግር የለበትም፤ ክፍል ውስጥ ይጠይቃል፣ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ለመሥራትም አያፍርም።

የመጨረሻውን ፈተና ወረቀት አንድ በአንድ አይቼዋለሁ። ካጣቸው 11 ነጥቦች 5ቱ ባዶ የተተዉ ጥያቄዎች ናቸው። በማግስቱ እነዚያኑ በቃል ስጠይቀው 4ቱን በትክክል መለሰ። ስለዚህ እዚያ የጎደለው እውቀት ሳይሆን ጊዜ ነው። ጊዜውን የወሰደበት ማባዛት ይመስለኛል፤ በተለይ 6×7፣ 6×8 እና 7×8 ላይ ሲደርስ በጣቱ እየደመረ ይሄዳል። የ6ንና የ8ን ትንሹን የጋራ ብዜት ለማግኘት ብቻ ሁለት ደቂቃ ያህል ፈጅቶበታል፤ ፈተናው ደግሞ ለ20 ጥያቄ 40 ደቂቃ ነበር።

ሌሎቹ 4 ነጥቦች የጠፉት ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን ሲደምር ነው። 2/3 + 1/4 ሲባል ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ 3/7 ብሏል። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ይሳሳታል። ክፍልፋይ ሲባዛ ላዕል በላዕል፣ ታህት በታህት ስለሚባዛ፣ ማባዛትን ከተማሩ በኋላ ያንኑ መንገድ ወደ መደመርም ይወስዱታል። ናሆምም ማባዛቱን ከመማራችን በፊት መደመሩን በደንብ ይሠራ ነበር።

የቀሩት 2 ነጥቦች ከሰሌዳ ሲገለብጥ የተሳሳቱ ናቸው፤ አንዱ ላይ 5/8ን 5/3 ብሎ ጽፎ፣ የጻፈውን በትክክል ሠርቶታል። ምናልባት ችኮላ ይሆናል፤ ግን የሚቀመጠው ኋላ ስለነበር ከሰኞ ጀምሮ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ቤት ውስጥ ሲያነብ ዓይኑን ሲያጠብብ ወይም ራሱን ሲያመው አስተውላችሁ ከሆነ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

በእኔ በኩል ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለ20 ደቂቃ ከሌሎች አራት ተማሪዎች ጋር ክፍልፋይ እንደገና እንሠራለን። የሚቀጥለው ፈተና ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

በቤት በኩል በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ባይሆን እመርጣለሁ፣ ይሰለቻል። በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ከላይ የጠቀስኳቸውን ሦስት ብዜቶች እያፈራረቃችሁ ጠይቁት፤ ሙሉውን የብዜት ሰንጠረዥ ማስደገም አያስፈልግም። 7×8 ቢጠፋበት መልሱን ከመንገር ይልቅ «7×7 ስንት ነው? አንድ 7 ጨምርበት» በሉት፤ ከ49 ወደ 56 ራሱ ይደርሳል።

በቀሪው 5 ደቂቃ አንድ የክፍልፋይ ድምር በስዕል ይሥራ። በካሬ ወረቀት ላይ ወደ ጎን 4፣ ወደ ታች 3 ካሬ ያለው አራት ማዕዘን ይሳል፤ በጠቅላላው 12 ካሬ ነው። 2/3 ማለት ሁለት ረድፍ፣ ማለትም 8 ካሬ ነው፤ ያንን ይቀባው። 1/4 ማለት አንድ ዓምድ፣ ማለትም 3 ካሬ ነው፤ ሳይቀቡ ከቀሩት 4 ካሬዎች ላይ 3ቱን ይቀባ። አንድ ካሬ ብቻ ትተርፋለች፤ መልሱ 11/12 መሆኑን በዓይኑ ያያል። ከዚያ «3/7 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብላችሁ ጠይቁት። ያንሳል፤ 2/3 ግን ብቻውን ከግማሽ ይበልጣል። ይህን ጥያቄ ራሱን መጠየቅ ከለመደ ስህተቱን ያለ እኛ እርዳታ ይይዘዋል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። የቤት ሥራው ላይ የሚሳሳተው ነገር ካለ ሳታርሙት እንዲመጣ ተዉት። የተሰረዘውም፣ የተሳሳተውም እርምጃ የት ላይ እንደሚጠፋበት ያሳየኛል፤ ንጹሕ ደብተር ግን ያንን ይደብቅብኛል። የቤት ሥራ የሚመዘነው በመሠራቱ ስለሆነ በስህተቱ ነጥብ አይቀነስበትም።

እናንተ ናሆምን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። በቅርቡ የእንቅልፍ ሰዓቱ፣ የጥናት ቦታው ወይም ሌላ ነገር ተለውጦ ከሆነ፣ ልታካፍሉኝ የምትፈልጉትን ያህል ብቻ በዚህ ወረቀት ጀርባ ጻፉልኝ። በአካል መነጋገር ከፈለጋችሁ ረቡዕ ከ9፡30 እስከ 10፡30 በመምህራን ክፍል አለሁ፤ ሰዓቱ ካልተመቻችሁ የሚመቻችሁን ጻፉልኝ። ናሆም ራሱ ቢገኝ ጥሩ ነው፤ ይህን ደብዳቤ እንደምልክ ነግሬዋለሁ፣ የፈተና ወረቀቱንም አብረን አይተነዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የ6ኛ ክፍል የሒሳብ መምህሩ